ቀለሙን አስተባባሪው አይምረጠው

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ የልማት ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት ክትትል ባለሙያ ነኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአምስት ወረዳዎች አምስት የግንባታ ሥራዎች አሉን። አስተባባሪዎቹ በየወሩ ሪፖርት ሲልኩ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ብለው ይጽፋሉ። እኔ በአንድ ገጽ አሰባስቤ ለማኔጅመንት አቀርባለሁ። ግን ቀለሞቹ አይነጻጸሩም። አንዱ ትንሽ ነገር ሲያጋጥመው ቀይ ይላል። ሌላው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ብሎ ሰኔ ላይ ጉድ ያፈላል። ለሁሉም እኩል የሚሠራ መስፈርት እንዴት ላውጣ?»

መልስ፦ አስተባባሪዎችዎ ዋሽተዋል ብዬ አልነሳም። አብዛኛውን ጊዜ አይዋሹም። እያንዳንዱ የሚመልሰው የተለያየ ጥያቄ ነው። አንዱ «ተጨንቄያለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሌላው «እንደምንም እወጣዋለሁ ወይ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ቀይ ብል ምን እባላለሁ?» ብሎ ያስባል። የሦስቱን መልስ በአንድ ገጽ ቢደረድሩት የሚነጻጸረው የሰዎቹ ጠባይ ነው፤ ሥራው አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስማሙ። እኔ ለዓመታት የሠራሁበት ትርጉም ይኸው ነው። አረንጓዴ ማለት ሥራው በተፈቀደለት ጊዜና ገንዘብ ያልቃል። ቢጫ ማለት ከመስመር ወጣ ብሏል፣ ወይም ሊወጣ ተቃርቧል፤ ግን አስተባባሪው በእጁ ባለው መጠባበቂያ ሊመልሰው ይችላል። ቀይ ማለት አስተባባሪው በራሱ ሥልጣን ሊመልሰው አይችልም፤ ከበላይ ውሳኔ ይፈልጋል።

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ቀለሙ የሚናገረው ችግሩ ስንት እንደሚያህል አይደለም። መፍትሔው በማን እጅ እንዳለ ነው። ለማኔጅመንት የሚጠቅመውም ይኼው ነው። ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ማወቅ የሚፈልገው «እኔ ዛሬ የምወስነው ነገር አለ ወይ?» የሚለውን ነው።

ከዚህ ትርጉም ሦስት መስፈርቶች ይወጣሉ፦ ጊዜ፣ ገንዘብና ያልተወሰነ ጉዳይ። ከሦስት በላይ አልመክርም። አሥራ ሁለት መስፈርት ያለው ገጽ አይቻለሁ፤ ማንም አያነበውም።

ሰኔን የማያውቅ መስፈርት

አብዛኛው መሥሪያ ቤት ጊዜን የሚለካው በፊዚካል አፈጻጸም ልዩነት ነው። ዕቅዱ 62 በመቶ ነበር፣ የተከናወነው 60 በመቶ ነው፣ ልዩነቱ 2 ነጥብ ነው፣ ስለዚህ አረንጓዴ። ይህ አሠራር እኛ አገር ላይ ትልቅ ጉድለት አለበት። ክረምትን አያውቅም።

ጥር ላይ የሦስት ሳምንት መዘግየት የሦስት ሳምንት መዘግየት ነው። ግንቦት ላይ የሦስት ሳምንት መዘግየት ግን የአራት ወር መዘግየት ሊሆን ይችላል። ቁፋሮው ወደ ሰኔ ከተሻገረ መንዝ ላይ ቦዩ ውኃ ይሞላል፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ሠራተኛውም ወደ እርሻው ይሄዳል። ሥራው የሚቀጥለው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው። በመሐል ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የመንግሥት ገንዘብ ያለበት ሥራ ከሆነ ያልተጠቀሙበት ተመላሽ ይሆናል።

ይህን የማውቀው ከደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ የውኃ መስመር ላይ ክትትል እሠራ ነበር። ሪፖርቱ ከኅዳር እስከ ግንቦት በየወሩ አረንጓዴ ነበር፤ ልዩነቱ ከ3 ነጥብ በልጦ አያውቅም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ሲገባ ግን ገና ያልተሸፈነ ረጅም ቦይ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዳርዳሩ እየተናደ ሞላ። ጥቅምት ላይ አብዛኛው እንደገና ተቆፈረ። ውኃውን ይጠብቁ የነበሩ እናቶች አንድ ዓመት ሙሉ ተጨማሪ ከምንጭ ቀዱ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ትክክል ነበር። የተሳሳተው መለኪያው ነው።

ስለዚህ ከልዩነት ይልቅ ትርፍ ቀን ይለኩ። ሁለት ቀኖች ያስፈልጉዎታል። አንደኛው ማብቂያው ነው። የቁፋሮና የኮንክሪት ሥራ ለቀረው ፕሮጀክት ማብቂያው ውሉ ላይ ያለው ቀን ቢሆንም እንኳ ግንቦት 30ን አይለፍ። ጣሪያው ለተመታ ሕንፃ ግን የውሉን ቀን ይውሰዱ፤ ውስጡን ዝናብ አያስቆመውም። ሁለተኛው ሥራው በአሁኑ ፍጥነቱ የሚያልቅበት ቀን ነው። የቀረውን ሥራ ባለፉት ሦስት ወራት አማካይ ወርሃዊ ክንውን ያካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ስንት ወር እንደቀረው ይነግርዎታል። ይህን በ30 አባዝተው ማብቂያው ድረስ ካለው ቀን ይቀንሱ። የሚተርፈው ትርፍ ቀን ነው።

ትርፉ 21 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ። ከ0 እስከ 20 ከሆነ ቢጫ። ከዜሮ በታች ከሆነ ቀይ።

ለምን 21? የኔን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱት። ከእርስዎ ቢሮ ይምጣ። ያለፈው ዓመት ደብዳቤዎችን ያውጡና አስተባባሪው ጥያቄ ካቀረበበት ቀን ፊርማ ያለበት ውሳኔ እስከደረሰው ቀን ድረስ ያለውን ይቁጠሩ። አብዛኛው ሦስት ሳምንት ከፈጀ የቢጫው ስፋት 21 ቀን ነው። ስድስት ሳምንት ከፈጀ 42 ይሁን። የቢጫ ሥራው ውሳኔ ለማግኘት የሚበቃ ጊዜ መስጠት ነው። ከዚያ ከጠበበ ቢጫ ብሎ ሲያስጠነቅቅዎ ጊዜው አልፏል።

የእኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ያግዛል። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ኤክሴል ላይ የቀን ልዩነት ማውጣት ቀላል ነው። መስከረምን 1፣ ጥቅምትን 2 እያሉ የወሩን ቁጥር በአንድ ዓምድ፣ ቀኑን በሌላ ዓምድ ይጻፉ። የዛሬው ወርና ቀን A እና B ላይ፣ የማብቂያው C እና D ላይ ከሆኑ፦

```
=(C2*30+D2)-(A2*30+B2)
```

ከየካቲት 30 እስከ ግንቦት 30 ያለው 90 ይወጣል። ዓመት ከተሻገረ 365 ይጨምሩ፤ የሚሻገሩት ጳጉሜን 6 ከሆነች ደግሞ 366።

ፊዚካሉ ከየት ይመጣል?

ትርፍ ቀኑም ገንዘቡም የሚያርፉት በአንድ ቁጥር ላይ ነው፦ ፊዚካል አፈጻጸም። ይህ ቁጥር ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ብዙ ቦታ ፊዚካሉ የሚወጣው ከክፍያ ሰርተፊኬት ነው። ተቋራጩ የውሉን ግማሽ ያህል ሥራ ካስጸደቀ ፊዚካሉ 50 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ይህን ካደረጉ የገንዘብ መስፈርትዎ ሞተ ማለት ነው። ለምን ቢሉ፣ የወጣውን ገንዘብ በገንዘብ እየለኩት ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ ከበጀቱ ጋር እኩል ይመጣል። ሁሉም ፕሮጀክት ለዘላለም በገንዘብ አረንጓዴ ይሆናል። አምስቱም ሥራዎችዎ በገንዘብ አረንጓዴ ከሆኑ መጀመሪያ ይህንን ይጠርጥሩ።

ፊዚካል የሚለካው በሜትርና በቁጥር ነው። ለምሳሌ ሞላሌ ላይ የመጠጥ ውኃ ሥራ አለ እንበል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ አሠራሩን ለማሳየት ያዘጋጀኋቸው ናቸው።) ሥራው ሲጀመር ክብደት ይሰጠዋል። 15 ኪሎ ሜትር መስመር 50 ነጥብ፣ ማጠራቀሚያ ታንከር 25፣ የውኃ ማደያዎች 15፣ የፓምፕ ቤት 10። የካቲት 30 ላይ 9 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ተሸፍኗል፤ ያ 30 ነጥብ ነው። ታንከሩ 20 ደርሷል። የፓምፕ ቤቱ አልቋል፣ 10። ማደያዎቹ አልተጀመሩም። ድምሩ 60።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለኝ፣ አልለቀውም። የተቆፈረ ግን ያልተሸፈነ መስመር ዜሮ ነው። እንዲህ ላለው ከፊል ነጥብ መስጠት ከጀመሩ ቁጥሩ የሚያልቀው 90 በመቶ ላይ ነው፤ ከዚያም ወር ሙሉ 90 ላይ ይቆማል። ልኬቱንም አስተባባሪው ብቻውን አይውሰደው። የሳይት ተቆጣጣሪው አብሮት ይፈርም።

ገንዘብ፦ ቅድመ ክፍያው እንዳያታልልዎ

የገንዘቡ ስሌት አጭር ነው። ለተሠራው ሥራ የወጣውን ገንዘብ በፊዚካሉ ያካፍሉ። የሚመጣው ሥራው ሲያልቅ የሚፈጀው ግምት ነው። ግምቱ ከበጀቱ ካልበለጠ አረንጓዴ። ከበጀቱ በልጦ መጠባበቂያው ውስጥ ከሆነ ቢጫ። መጠባበቂያውንም ካለፈ ቀይ። ከላይ ያለው ትርጉም እዚህም ይሠራል፤ መጠባበቂያው አስተባባሪው የሚያዝበት ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው አይደለም። መጠባበቂያውን ያለ ማኔጅመንት ፊርማ መንካት የማይቻልበት ቤት ከሆነ ግን ቀዩ ከበጀቱ ይጀምር። መስፈርቱ ሥልጣኑን ይከተል።

የሞላሌ በጀት 18 ሚሊዮን ብር ነው፣ መጠባበቂያው 1.8 ሚሊዮን። የጸደቁት ሰርተፊኬቶች ድምር 10.5 ሚሊዮን ነው። በ0.60 ሲካፈል 17.5 ሚሊዮን ይመጣል። አረንጓዴ።

ፋይናንስ ክፍል ግን «የወጣው 12.75 ሚሊዮን ነው» ይልዎታል። እሱም ትክክል ነው። ተቋራጩ ሲጀምር 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ወስዷል፣ 5.4 ሚሊዮን። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሰርተፊኬት 30 በመቶ እየተቀነሰበት ነው፤ እስካሁን 3.15 ሚሊዮን ተመልሷል። ስለዚህ ከባንክ የወጣው 5.4 ሲደመር 10.5 ሲቀነስ 3.15 ነው። ይህን ቁጥር በ0.60 ካካፈሉ 21.25 ሚሊዮን ይመጣና ከመጠባበቂያው ጣሪያ ከ19.8 ሚሊዮን አልፎ ሥራው በከንቱ ቀይ ይሆናል። ከፋይናንስ የሚጠይቁት ከባንክ የወጣውን አይደለም፤ ተቀናሽ ከመደረጉ በፊት የጸደቀውን የሥራ ዋጋ ነው። ይህን ያላጣራ ገጽ ቅድመ ክፍያ የወሰደውንና ያልወሰደውን ፕሮጀክት ማነጻጸር አይችልም።

ያልተወሰነ ጉዳይ

ሦስተኛው መስፈርት ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሥራውን ከማለቅ የሚያግድ ከሌላ አካል የሚጠበቅ ነገር አለ ወይ? የካሳ ክፍያ፣ የመሬት ርክክብ፣ የመብራት መስመር፣ የዲዛይን ለውጥ ፈቃድ። ከሌለ አረንጓዴ። ካለና ቃል የተገባበት ቀን ካላለፈ ቢጫ። ቀኑ ካለፈ ቀይ። ቀን ያልተቆረጠለት ጉዳይ ደግሞ ቀኑ እንዳለፈ ይቆጠር። «በሂደት ላይ ነው» ቀን አይደለም።

አምስቱ አንድ ላይ

ቀለሞቹን እንዴት ወደ አንድ እናምጣቸው? አማካይ አይውሰዱ። የከፋው ይግዛ። ዓለም ከተማ ላይ ያለውን የጉድጓድ ውኃ ሥራ ይመልከቱ። በጀቱ 12 ሚሊዮን ነው። ፊዚካሉ 85፣ የጸደቀው 9.8 ሚሊዮን፤ ግምቱ 11.5 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ወርሃዊ ፍጥነቱ 10 ነጥብ ስለሆነ 45 ቀን ይበቃዋል፤ ትርፉም 45 ቀን ነው። በጊዜም በገንዘብም የሚያምር ሥራ ነው። ግን ፓምፑ መብራት የለውም። መስመር ይገባል የተባለው እስከ ጥር 30 ነበር፤ 30 ቀን አልፏል። አማካይ ቢወስዱ ሁለት አረንጓዴ አንዱን ቀይ ይውጠዋል። የሰው ጉሮሮ ግን አማካይ አያውቅም። መብራት ከሌለ ውኃ የለም።

የሸዋ ሮቢቱ መስኖ በተቃራኒው ነው። አስተባባሪው ጠንቃቃ ሰው ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር አይቶ ቀይ ብሎ ልኳል። ቁጥሩ ግን እንዲህ ይላል። በጀት 24 ሚሊዮን፣ መጠባበቂያ 2.4። ፊዚካል 70፣ የጸደቀ 17.5 ሚሊዮን፣ ግምቱ 25 ሚሊዮን። ከበጀቱ በ1 ሚሊዮን አልፏል፣ ከመጠባበቂያው ግን አልወጣም። በወር 15 ነጥብ ስለሚሄድ 30ው ቀሪ 60 ቀን ይወስዳል፤ 30 ቀን ይተርፈዋል። ቢጫ ነው። ይከታተሉታል እንጂ ለስብሰባ አጀንዳ አይሆንም።

እነዋሪ ላይ ያለው የመማሪያ ክፍል ግንባታ ከዕቅዱ 6 ነጥብ ስለቀረ አስተባባሪው ቢጫ ብሏል። ነገር ግን ጣሪያው ተመቷል። ማብቂያው የውሉ ቀን ሰኔ 30 ነው፤ 120 ቀን አለው። ቀሪው 20 ነጥብ በወር 8 ሲሄድ 75 ቀን ይፈልጋል። 45 ቀን ይተርፋል። በጀቱ 6 ሚሊዮን፣ ግምቱም 6 ሚሊዮን። አረንጓዴ ነው፤ ይተዉት።

አሁን ወደ ሞላሌ እንመለስ። አስተባባሪው ከዕቅዱ 2 ነጥብ ብቻ ስለቀረው አረንጓዴ ብሎ ነበር። ባለፉት ሦስት ወራት የሠራው 24 ነጥብ ነው፣ በወር 8። ቀሪው 40 ነጥብ በዚህ ፍጥነት 150 ቀን ይፈልጋል። ግንቦት 30 ድረስ ያለው 90 ብቻ ነው። ትርፉ ከዜሮ በታች 60 ቀን ነው። ያውም የቀረው ውስጥ 6 ኪሎ ሜትር ቁፋሮ አለ። 2 ነጥብ የሚለው ቁጥር ይህን ሁሉ የደበቀው ዕቅዱ ራሱ ትልቁን ሥራ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስላከማቸው ነው። እስካሁን ከዕቅዱ ጋር እኩል መሄድ ቀላል ነበር፤ ዳገቱ ገና ነው።

የመሐል ሜዳው የጤና ኬላ አረንጓዴ ተብሏል። የመጨረሻው ልኬት ግን የታኅሣሥ ነው። ለዚህ አራተኛ ቀለም ያስፈልግዎታል፤ ግራጫ። ልኬቱ ከ35 ቀን በላይ ከቆየ ሥራው ምንም ቀለም የለውም። ግራጫ ስድብ አይደለም፤ አናውቅም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቀጣዩ ቀይ የሚወጣው ከግራጫዎቹ ውስጥ ነው፤ ሪፖርት የሚቋረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ገጹ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦

| ሥራ | የተላከው | ጊዜ | ገንዘብ | ጉዳይ | ጠቅላላ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዓለም ከተማ ጉድጓድ | አረንጓዴ | አረንጓዴ | አረንጓዴ | ቀይ | ቀይ |
| ሞላሌ ውኃ | አረንጓዴ | ቀይ | አረንጓዴ | አረንጓዴ | ቀይ |
| መሐል ሜዳ ጤና ኬላ | አረንጓዴ | ግራጫ | ግራጫ | ግራጫ | ግራጫ |
| ሸዋ ሮቢት መስኖ | ቀይ | አረንጓዴ | ቢጫ | አረንጓዴ | ቢጫ |
| እነዋሪ ክፍሎች | ቢጫ | አረንጓዴ | አረንጓዴ | አረንጓዴ | አረንጓዴ |

ከአምስቱ አንዱም በተላከበት ቀለም አልቀረም። ማኔጅመንቱ በድሮው ገጽ ቢሰበሰብ ኖሮ ሰዓቱን በሸዋ ሮቢት ላይ ይጨርስ ነበር። ውሳኔ የሚፈልጉት ግን ዓለም ከተማና ሞላሌ ናቸው።

ከሁለቱ ቀዮች የቱ ይቀድማል? ይህን ቀለሙ አይነግርዎትም። ሁለት ቀይ እኩል ነው ብሎ ማሰብ ራሱ ስህተት ነው። ለዚህ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ «ውሳኔው እስከ መቼ ይጠቅማል?» የሚል። ሞላሌ ዛሬ ቢወሰንለት በወር 13.3 ነጥብ መሥራት አለበት፤ ሁለተኛ የቁፋሮ ቡድን ቢገባ የሚደረስበት ነው። አንድ ወር ቢዘገይና በ8 ቢቀጥል ግን የሚቀረው 32 ነጥብ በሁለት ወር ይሆናል፤ በወር 16። ካሁኑ እጥፍ ነው። ስለዚህ የሞላሌ ውሳኔ ከመጋቢት አጋማሽ ቢያልፍ ዋጋ የለውም። ያኔ የሚቀረው ምርጫ ዋናውን መስመር ብቻ ሸፍኖ ማደያዎቹን ለጥቅምት ማቆየት ነው። የዓለም ከተማው በየቀኑ አይብስም፤ አንድ ኃላፊ መኪና አስነስቶ የሚመለከተው ቢሮ ድረስ ቢሄድ ሊያልቅ ይችላል። ሞላሌ ይቅደም።

ኤክሴል ላይ

ትርፍ ቀኑ B፣ የማለቂያ ግምቱ C፣ በጀቱ D፣ የመጠባበቂያ ጣሪያው E፣ የልኬቱ ዕድሜ በቀን G ላይ ከሆነ፣ የጊዜና የገንዘብ ቀለም እንዲህ ይወጣል፦

```
=IF(G2>35,"ግራጫ",IF(B2<0,"ቀይ",IF(B2<21,"ቢጫ","አረንጓዴ")))
=IF(G2>35,"ግራጫ",IF(C2>E2,"ቀይ",IF(C2>D2,"ቢጫ","አረንጓዴ")))
```

አንድ ወጥመድ አለ። ኤክሴል ባዶ ሕዋስን እንደ ዜሮ ይቆጥራል። የገንዘብ ግምቱን ያልሞላ ፕሮጀክት ዜሮ ብር ስለሚመስለው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ጨርሶ ያልላከ ሰው በገንዘብ ከሁሉ ጤነኛ መስሎ ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ ልኬት ካልመጣ የልኬቱ ዕድሜ ላይ 999 ይጻፉ።

ቀለሙንም በቃል ይጻፉት፤ ሕዋሱን መቀባት ብቻ አይበቃም። ቢሮ ውስጥ ገጹ በጥቁርና ነጭ ታትሞ ይዞራል። ፎቶ ኮፒ ላይ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ጥላ ናቸው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ያለው ሰውም በስብሰባው ላይ ሊኖር ይችላል።

ሥራው ገና ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም። የወሩ ፍጥነት ይዋዥቃል፣ ግምቱም ይዘላል። ለነሱ ቀን የተቆረጠለት አንድ ክንውን ይያዙ፤ ለምሳሌ የሳይት ርክክብ ወይም የመሠረት ቁፋሮ ማለቅ። ከተቆረጠው ቀን ስንት ቀን እንዳለፈ አይተው ይፍረዱ። ፍጥነትም ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ባለፉት ሦስት ወራት ቱቦ ባለመድረሱ ቆሞ ከነበረና አሁን ቱቦው ሳይት ላይ ካለ፣ አማካዩ ሥራውን ይበድለዋል። እንዲህ ያለውን አስተባባሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ቀለሙ ግን ቀጣዩ ልኬት እስኪመጣ አይለወጥ።

ቀዩን ማን ያጠፋዋል?

ሁለት ደንቦች ከሌሉ ይህ ሁሉ በሦስት ወር ይፈርሳል። አንደኛው፣ አስተባባሪው ከስሌቱ የወጣውን ቀለም ማክፋት ይችላል እንጂ ማሻሻል አይችልም። ሳይት ላይ ያለው እሱ ነው፤ ቁጥሩ ያላየውን አደጋ ሊያይ ይችላል። ሸዋ ሮቢት ያለው ሰው ምክንያቱን ጽፎ ቀይ ቢል መብቱ ነው። ሞላሌ ያለው ግን «ደርሼበታለሁ» ብሎ አረንጓዴ ማድረግ አይችልም።

ሁለተኛው፣ የማካካሻ ዕቅድ ቀለም አይለውጥም። ሞላሌ ላይ ሁለተኛ ቡድን ገባ ተብሎ ደብዳቤ ሲጻፍ ሁሉም ተደስቶ ቢጫ ማድረግ ይፈልጋል። አይቸኩሉ። በሁለት ተከታታይ ልኬት ትርፍ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲወጣ ብቻ ቢጫ ይሁን። ቀዩ ላይ ያለ ሥራ በየ15 ቀኑ ይለካ፤ እንዲህ ከሆነ ሁለት ልኬት አንድ ወር ብቻ ነው።

ስለ ፍርሃቱም ልበል። አስተባባሪዎች ቀይ የሚፈሩት ቀይ ያመጣ ሰው ስብሰባ ላይ ስለሚወቀስ ነው። ቀለሙን ከአስተባባሪው እጅ አውጥተው ለቁጥሩ መስጠትዎ ግማሹን ፍርሃት ያነሳል፤ «ቀይ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ልኬቱ ነው» ማለት ይችላል። ሌላው ግማሽ በኃላፊው እጅ ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ኃላፊዎን ለብቻቸው ያነጋግሩ። ቀይ ሲመጣ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከእኛ ምን ይፈለጋል?» የሚል እንዲሆን ይለምኗቸው። «ለምን?» የሚለው ለሌላ ቀን ይቆይ። በመጀመሪያው ስብሰባ ቀይ ያመጣው ሰው ከተዋረደ የሚቀጥለው ወር ልኬት ሳይት ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ይሠራል።

ገደቦቹን በመሐል አይንኩ። ማኔጅመንቱ ቀይ ሲበዛ «21 ቀን አይከብድም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ለውጥ የሚደረገው ሐምሌ 1 በጀት ዓመቱ ሲጀምር ብቻ ነው ብለው አስቀድመው ያስፈርሙ።

ይህን ገጽ ለማንም ከማሳየትዎ በፊት ደግሞ ያለፈውን ዓመት ፋይል ያውጡ። ያለቁትን ሥራዎች፣ በተለይ ሰኔ ላይ ጉድ ያፈላውን፣ በየወሩ በእነዚህ መስፈርቶች ያስሏቸው። ያ ሥራ ስሌቱ ላይ ቀይ የሚሆነው የትኛው ወር ላይ ነው? የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ከሆነ ገደቦቹ ለእርስዎ ቤት ይሠራሉ። ግንቦት ላይ ከሆነ ዘግይተዋል፤ የቢጫውን ቀን ያስፉ፣ ማብቂያውንም ከግንቦት 30 ወደ ግንቦት 15 ያምጡት። ኅዳር ላይ ቀይ ከሆነና ሥራው በኋላ በሰላም ካለቀ ደግሞ ገደቦቹ ከልክ በላይ ጠብቀዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዎታል። ወደ ስብሰባው ይዘውት የሚገቡትም ይህንኑ ስሌት ይሁን።